ኢንተርንሺፑን ሳልጨርስ ለስኮላርሺፕ ልሄድ ነው፣ ደብዳቤዬን እዩልኝ (ሀዋሳ)

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 22፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው ያለሁት። ከግንቦት 1 ጀምሮ አንድ የህንፃ መሳሪያ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ክፍል ኢንተርን ነኝ። ውሉ የስድስት ወር ነው፣ ጥቅምት 30 ያልቃል። ጥር ላይ የሀንጋሪ መንግሥት ለሚሰጠው ስኮላርሺፕ፣ ለስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም አመልክቼ ነበር። ወራት ሲያልፉ ተስፋ ቆርጬ ለማንም ሳልናገር ትቼው ነበር። ባለፈው ሳምንት ማስተርስ እንዳለፍኩ ኢሜይል መጣልኝ። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ከዛ ለእናቴ ደወልኩ።

አሁን የጨነቀኝ ደብዳቤው ነው። የቀጠሩኝ ለሂሳብ ዓመት መዝጊያው ነው። ሰኔ 30 የስቶር ቆጠራ አብሬ ቆጥሬያለሁ፣ አሁን የባንክ ሂሳቡን ከመዝገባችን ጋር እያስታረቅን ነው። የሂሳብ ኃላፊያችን ያስተማሩኝን አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አልተማርኩትም። እና በስራው መሀል ጥያቸው የምሄድ መስሎ እንዲሰማቸው አልፈልግም። የጻፍኩት ይሄ ነው፦

«ቀን 22/11/2017
ጉዳዩ፦ ስራ ለመልቀቅ ፈቃድ ስለመጠየቅ
በቅድሚያ ይህንን እድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በቆይታዬ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። ሆኖም በውጭ ሀገር የትምህርት እድል ስላገኘሁና ምዝገባው መስከረም 8 ስለሆነ ውሌን መጨረስ አልቻልኩም። ስለዚህ በቅርብ ቀን ስራዬን እንድለቅ እንድትፈቅዱልኝ እየጠየቅሁ፣ በዚህ ምክንያት ለሚፈጠረው ችግር ሁሉ በድጋሚ ታላቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር»

ምን ልጨምር፣ ምን ላውጣ?

---

ቢኒ_ሞቢል | ሐምሌ 22፣ ማታ

እንኳን ደስ አለሽ! ግን ለምን ትጨነቂያለሽ? ኢንተርን እኮ ሰራተኛ አይደለም። የሰራተኛ ህግ አይመለከትሽም፣ የሰላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ምናምን የሚባለው ለቋሚ ሰራተኛ ነው። ነገ ደብዳቤውን ሰጥተሽ ከነገ ወዲያ መሄድ ትችያለሽ። ጓደኛዬ እንደዛ ነው ያደረገው፣ ማንም ምንም አላለውም።

---

የናዝሬት ልጅ | ሐምሌ 22፣ ማታ

ተጠንቀቂ እህቴ። እኔ አዳማ ኢንጂነሪንግ ስማር ኢንተርንሺፕ የወጣሁበትን ድርጅት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትቼ ወጣሁ። ዘመድ ታሞብኝ ነበር። ድርጅቱ የግምገማ ቅጹን አልሞላም አለ። ቅጹ ታሽጎ ለዲፓርትመንት ካልደረሰ ውጤት የለም። ያንን ሴሚስተር እንዴት እንዳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ የተመደበልሽን አማካሪ አናግሪ፣ ደብዳቤው ከዛ በኋላ ይደርሳል።

---

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 22፣ ማታ

@የናዝሬት ልጅ አመሰግናለሁ፣ አይዞህ። የኔ ግን ከትምህርት ጋር የተያያዘ አይደለም። ተመርቄያለሁ፣ መውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። በማስታወቂያ ተወዳድሬ ነው የገባሁት።

---

ጋሽ ታቦር | ሐምሌ 23፣ ጠዋት

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ሁለት ነገር ንገሪኝና ከዛ እንነጋገራለን። የፈረምሽው የጽሁፍ ውል አለ? ደመወዝ ስትቀበዪስ በፔሮሉ ላይ የስራ ግብርና ጡረታ ይቆረጥብሻል?

---

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 23፣ ጠዋት

ጋሼ አመሰግናለሁ። ውል አለ፣ ርዕሱ «የኢንተርንሺፕ ውል» ይላል። የሙከራ ጊዜ የሚል ነገር የለውም። ግብር ይቆረጣል። ጡረታም 7 በመቶ ይቆረጣል፣ የጡረታ መለያ ቁጥርም ወጥቶልኛል።

---

ጋሽ ታቦር | ሐምሌ 23፣ ምሳ ሰዓት

እንግዲህ ቢኒ ያለው ግማሹ ልክ ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለትምህርት ወይም ለስልጠና ተብሎ የሚደረግ ውልን አይመለከትም፣ የለማጅነት ውል ሲቀር። ዩኒቨርሲቲ ልኮት ለአራት ወር የሚመጣ ተማሪ በዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው። የናዝሬቱ ልጅ ታሪክ እንደዛ ነው። የቢኒ ጓደኛም ምናልባት እንደዛ ይሆናል።

ያንቺ ግን ሌላ ነው። ተወዳድረሽ ገብተሻል፣ በድርጅቱ ትእዛዝ ትሰሪያለሽ፣ ደመወዝ ይከፈልሻል። ድርጅቱ ራሱ 7 በመቶ ካንቺ ቆርጦ፣ 11 በመቶ ከራሱ ጨምሮ ጡረታ እየከፈለልሽ «ሰራተኛዬ አይደለችም» ቢል ማን ይሰማዋል? ወረቀቱ ላይ ኢንተርን መባሉ ብቻውን ነገሩን አይለውጠውም። ሰው አከራክሮ ሌላ ሊል ይችል ይሆናል። አንቺ ግን እንደ ሰራተኛ ቆጥረሽ ብትሄጂ የሚጎድልብሽ ነገር የለም።

ስለዚህ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። የኛ ወር ሰላሳ ሰላሳ ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው። ነገ ሐምሌ 24 ብትሰጪ ነሐሴ 24 ይሞላል። ሳትሰጪ ብትሄጂ እስር ቤት የለም፣ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ የሚደርስ ካሳ ልትጠየቂ ትችያለሽ፣ ከሚከፈልሽ ቀሪ ሂሳብ ላይ ነው የሚቀነሰው። ለመንገድ ገንዘብ የምትፈልጊበት ሰዓት ላይ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ያልወደድኩት፣ «ፈቃድ ስለመጠየቅ» ያልሽው ነው። «እንድትፈቅዱልኝ» የሚለውም። ጨዋነት ነው፣ ገብቶኛል፣ ሁላችንም እንደዛ ስንጽፍ ነው ያደግነው። ግን ፈቃድ የጠየቀ ሰው መልስ ይጠብቃል። ስራ አስኪያጁ መስክ ይወጣል፣ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳምንት ይተኛል፣ ከዛ «ገና መች ፈቀድንልሽ» ይመጣል። አንቺ እያሳወቅሽ ነው። «አሳውቃለሁ» በዪ። አክብሮቱን ሌላ ቦታ ላይ ማሳየት ይቻላል።

---

ቢኒ_ሞቢል | ሐምሌ 23፣ ከሰዓት

ጋሼ አሁን ገባኝ፣ ጓደኛዬ እውነትም ያኔ ተማሪ ነበር። ግን የመጀመሪያው 60 የስራ ቀን የሙከራ አይደል? በሙከራ ጊዜ ማስጠንቀቂያ የለም ሲባል ሰምቻለሁ።

---

ጋሽ ታቦር | ሐምሌ 23፣ ከሰዓት

የሰማኸው ልክ ነው፣ ግን የሙከራ ጊዜ በጽሁፍ ሲስማሙበት ነው የሚኖረው። የሷ ውል ላይ የለም። ቢኖርም ኖሮ፣ ከግንቦት 1 ጀምሮ እሁድንና በዓላቱን አውጥተህ ብትቆጥር ስልሳው ቀን ካለፈ አስር ቀን ገደማ ሆኖታል።

---

ሜሪ ከፒያሳ | ሐምሌ 23፣ ከሰዓት

እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ። እኔ አስተዳደር ክፍል ነው የምሰራው፣ እንደዚህ አይነት ደብዳቤ በወር ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ። ምዝገባው መስከረም 8 ነው ወይስ ሴፕቴምበር 8?

---

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 23፣ ከሰዓት

የቅበላ ደብዳቤው ላይ ሴፕቴምበር 8 ነው የሚለው... ወይኔ! መስከረም 8 ብዬ ነው የጻፍኩት።

---

ሜሪ ከፒያሳ | ሐምሌ 23፣ ከሰዓት

አዎ፣ ጠርጥሬ ነበር። ሴፕቴምበር 8 ጳጉሜ 3 ነው። መስከረም 8 ደግሞ ሴፕቴምበር 18 ላይ ይውላል። የአስር ቀን ልዩነት ነው፣ ቀላል እንዳይመስልሽ።

አለቃሽ ደብዳቤውን ሲያነብ ምን እንደሚያስብ ልንገርሽ። «መስከረም 8 ከሆነ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ለምን አትሰራም?» ይላል። ልክ ነው፣ እኔም እንደዛ እላለሁ። አንቺ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስትሄጂ የዋሸሽ ትመስያለሽ። ከዛ በኋላ የቅበላ ደብዳቤውን ብታሳዪም ነገሩ ተበላሽቷል። እና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፊ፣ የቅበላ ደብዳቤሽንም ኮፒ አባሪ አድርጊ። የጊዜውን ነገር የሚያስረዳልሽ ወረቀቱ ነው። ቀኑን ዩኒቨርሲቲው እንደወሰነው በዓይናቸው ሲያዩ ማንም ሰው አይቀየምሽም።

«በቅርብ ቀን» የሚለውንም አውጪው። የመጨረሻ የስራ ቀንሽ መቼ ነው? እኔ ደብዳቤ ሲመጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ፔሮል የምዘጋው፣ ምትክ የምፈልገው በሱ ነው።

---

ሶሊ ደብረሰን | ሐምሌ 23፣ ማታ

ከሀንጋሪ ሰላም ብያለሁ። እኔም በዚሁ ስኮላርሺፕ ነው የመጣሁት፣ ሁለተኛ ዓመቴን ልጀምር ነው። አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ቪዛሽ ወጥቷል?

---

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 23፣ ማታ

ገና ነው። አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀጠሮዬ ነሐሴ 6 ነው። ኦገስት 12 ማለት ነው (አሁን ሁለቱንም መጻፍ ለመድኩ)።

---

ሶሊ ደብረሰን | ሐምሌ 23፣ ማታ

እንግዲህ ቪዛ ሳይወጣ ስራ መልቀቅ እኔ አልመክርም። እኔ ያኔ ቪዛዬን እጄ ላይ እስካገኝ ለመስሪያ ቤቴ ትንፍሽ አላልኩም። ወረቀት ጎደለ ብለው ተጨማሪ ሲጠይቁኝ ሳምንታት ሄዱ። በመሀል ለቅቄ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱም አጥቼ ቤት እቀመጥ ነበር። የሚከፈለውም ገንዘብ ስትደርሺ ነው የሚጀምረው። በወር 43,700 ፎሪንት ነው፣ ዶርም ካገኘሽ ይገፋል፣ ግን ቤተሰብ የሚረዳበት ገንዘብ አይደለም። እና አሁን ያለሽን ደመወዝ እስከመጨረሻው ያዢው።

---

ሜሪ ከፒያሳ | ሐምሌ 23፣ ማታ

ሶሊዬ ስጋትሽ ይገባኛል፣ ግን ቁጠሪው እስቲ። ነሐሴ 6 አመልክታ ቪዛው ነሐሴ 22 ቢወጣ፣ ያኔ ማስጠንቀቂያ ብትሰጥ ሰላሳው ቀን መስከረም አጋማሽ ያልፋል። ምዝገባው ጳጉሜ 3 ነው። ስለዚህ ቪዛ ጠብቃ መስጠት ማለት ለሷ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ማለት ነው። ድርጅቱ ደግሞ ለመዝጊያው ሰው የሚፈልግበት ሰዓት ላይ።

---

ሶሊ ደብረሰን | ሐምሌ 23፣ ማታ

እኔ ያኔ ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር የሰጠኋቸው፣ ተቀይመውኛል፣ እውነት ነው። የስራ ልምዴንም እስካሁን አልሰጡኝም። ግን ቪዛ ቢከለከልስ? ማን ይመልሳታል?

---

ጋሽ ታቦር | ሐምሌ 24፣ ጠዋት

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ይሄ ህግ የሚፈታው ነገር አይደለም። አንዱ መንገድ ደብዳቤውን ቁርጥ አድርጎ መስጠት፣ ከዛ ለሂሳብ ኃላፊዋ በቃል «ቪዛው ካልተሳካ እስከ ጥቅምት 30 ልቆይ እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ሰው ካላመጡ ደስ ብሏቸው ይቀበሉ ይሆናል። ግን የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፣ ይሄን አውቀሽ ግቢ። ደብዳቤው ውስጥ «ቪዛ ካገኘሁ እለቃለሁ» ብለሽ ማንጠልጠል ግን አይሆንም። እሱ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል፣ ድርጅቱም ሰው ልቅጠር አልቅጠር ሳይል ይቀራል።

---

ቆርቆሮ ተራ | ሐምሌ 24፣ ጠዋት

እኔ የድርጅት ባለቤት ነኝ፣ ሻሸመኔ መውጫ ላይ። እንደናንተው የግንባታ እቃ ነው የምሸጠው፣ የሷ አለቃ ግን አይደለሁም። በአሰሪ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ልጅ ስኮላርሺፕ አገኘሁ ሲለኝ ደስ ነው የሚለኝ። የራሴም ልጆች እየተማሩ ነው። የሚያናድደኝ መሄዱ ሳይሆን ከሄደ በኋላ የማገኘው ነገር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ። ጎበዝ፣ ታማኝ። ልክ እንደዚህ ነሐሴ ላይ «ብዙ ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ጥቅምት ላይ የትርፍ ግብር ልናሳውቅ ስንቀመጥ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞቹ የሉም። እቃ የገዙን ድርጅቶች ሲከፍሉን ከሂሳቡ ቆርጠው ለገቢዎች ያስገቡልን ገንዘብ ነው፣ ዓመታዊ ግብራችን ላይ ይታሰብልናል። ደረሰኙን ካላቀረብኩ ግን አይታሰብልኝም፣ አንዴ የከፈልኩትን ደግሜ ልከፍል ነው። ልጁ ለካ በየደንበኛው ለይቶ በፖስታ አድርጎ የድሮ ካሽ ሬጅስተር ካርቶን ውስጥ አስቀምጧቸዋል። በጣም በጥንቃቄ! ግን ለማን ነገረ? ለማንም። ያገኘናቸው ጥቅምት 26 ነው። ማሳወቂያው ጥቅምት 30 ያበቃል። የዛን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪም እንደዛው። በሱ የይለፍ ቃል ነበር የተከፈተው፣ ስልኩ ደግሞ ውጭ ሀገር ሆኖ አይሰራም።

እና እህቴ፣ ምስጋናሽን ጻፊ፣ ደስ ይለናል። ግን ምን ጨርሰሻል፣ ምን ይቀራል፣ የት አለ፣ ለማን ትሰጫለሽ የሚለውን ከጻፍሽልኝ እኔ በበኩሌ ከአስር ምስጋና አስበልጬ ነው የማየው።

---

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 24፣ ጠዋት

ጋሼ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳነበው ሆዴን ቆረጠኝ። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞቹ አሁን ያሉት የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የግንቦትና የሰኔ ለይቻለሁ፣ የፊቶቹ ወራት ገና ናቸው። ባንክ ሦስት ሂሳብ አለን፣ ሁለቱን እስከ ሰኔ 30 አስታርቄያለሁ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ቼክ አልገጠመልኝም። ይሄን ሁሉ ደብዳቤው ላይ ልጻፈው?

---

ሜሪ ከፒያሳ | ሐምሌ 24፣ ጠዋት

ደብዳቤው ላይ በሁለት አረፍተ ነገር ጠቅሰሽ ዝርዝሩን ለብቻ ወረቀት አድርጊው፣ ተረካቢው የሚፈርምበት። ደብዳቤው የግል ፋይልሽ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ማንም ከዛ አውጥቶ ቼክ አይፈልግበትም። ዝርዝሩ ሂሳብ ክፍል ይቀመጥ።

ምስጋናውንም አንድ እውነተኛ ነገር ላይ አድርጊው። «ብዙ ነገር ተምሬያለሁ» ሁሉም ሰው ይጽፋል። የሂሳብ ኃላፊዋ ምን አስተማሩሽ? አንድ ነገር ጥሪ። ይቅርታው አንዴ ይበቃል። ረቂቁ ላይ ይቅርታ ስትደጋግሚ ጥፋት የሰራሽ ነው የሚያስመስልሽ፣ ምንም አላጠፋሽም።

---

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 24፣ ምሳ ሰዓት

በምሳ ሰዓት ከቢሮ ጀርባ ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍኩት። እዩልኝ፦

«ቀን 24/11/2017
ለስራ አስኪያጅ
ሀዋሳ
ጉዳዩ፦ የስራ ውል ስለማቋረጥ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

ከግንቦት 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሂሳብ ክፍል በኢንተርንነት እየሰራሁ ሲሆን ውሌ የሚያበቃው ጥቅምት 30 ቀን 2018 ነው። ሀንጋሪ ሀገር የማስተርስ ትምህርት ስኮላርሺፕ አግኝቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው የወሰነው የምዝገባ ቀን ጳጉሜ 3 ቀን 2017 (ሴፕቴምበር 8፣ 2025) ነው፤ የቅበላ ደብዳቤው ቅጂ ተያይዟል። ውጤቱ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት በመሆኑ ከዚህ ቀድሜ ማሳወቅ አልቻልኩም። ስለዚህ የመጨረሻ የስራ ቀኔ ቅዳሜ ነሐሴ 24 ቀን 2017 (ኦገስት 30፣ 2025) እንደሚሆን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ለቪዛ ቀጠሮ አዲስ አበባ ስለምሄድ ነሐሴ 5 ከሰዓት እና ነሐሴ 6 ፈቃድ እጠይቃለሁ።

የምሄድበት ጊዜ የዓመቱ ሂሳብ ከሚዘጋበት ጋር መገጣጠሙ ያሳዝነኛል፣ ለዚህም ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከ ነሐሴ 24 የሦስተኛውን የባንክ ሂሳብ አስታርቄ፣ የዓመቱን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች በየወሩና በየደንበኛው ለይቼ፣ በዝርዝር ለምትመድቡት ሰው አስረክባለሁ። የፒችትሪ መግቢያዬንም በዚያው ቀን በኃላፊዋ ፊት እዘጋለሁ።

የሂሳብ ኃላፊዋን በተለይ ማመስገን እፈልጋለሁ። የመጀመሪያውን የባንክ ማስታረቅ ስሰራ ልዩነቱ የት እንዳለ እያወቁ አልነገሩኝም፤ ሦስት ጊዜ መልሰውልኝ ራሴ እንዳገኘው አደረጉ። ልዩነቱ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ደረሰኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቁጥር ሳይገጥም ሲቀር አልደነግጥም። ኢንተርን ብዬ ለመጣሁ ሰው እውነተኛ ስራ ስለሰጠኝ ድርጅቱንም አመሰግናለሁ።

የስራ ልምድ ማስረጃ እንዲሰጠኝ፣ የሚከፈለኝ ቀሪ ሂሳብም ከጉዞዬ በፊት ተሰርቶ እንዲያልቅልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

---

ሜሪ ከፒያሳ | ሐምሌ 24፣ ምሳ ሰዓት

የሦስቴውን ማስታረቅ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ነው ምስጋና። ምንም እንዳትነኪበት።

---

ጋሽ ታቦር | ሐምሌ 24፣ ምሳ ሰዓት

ጎበዝ። ቪዛ የሚለው ቃል መግባቱ ጥሩ ነው፣ አልደበቅሽም፣ ግን አላንጠለጠልሽበትም። ፈቃድ የጠየቅሽውም ፈቃድ ለሚያስፈልገው ነገር ነው።

አሁን አሰጣጡ ላይ ተጠንቀቂ። ሁለት ቅጂ አትሚ። ለስራ አስኪያጁ እጅ በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመለሺ፣ መዝገብ ቤት አስገቢ። አንዱ ላይ «ደርሷል» ብለው ቀን፣ ቁጥርና ማህተም አድርገው ይመልሱልሽ። ሰላሳው ቀን የሚቆጠረው ደብዳቤው ከደረሳቸው ቀን እንጂ አንቺ ላዩ ላይ ከጻፍሽው ቀን አይደለም። ዛሬ ካልገባ ነሐሴ 24 የሚለውን ማስተካከል አለብሽ። ከዛ በፊት ግን ለሂሳብ ኃላፊዋ በአፍሽ ንገሪያቸው። ከመዝገብ ቤት ሰምተውት ቢመጡ ያ ሁሉ ምስጋና ይበላሻል።

ስለ ክፍያው፣ ህጉ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ 7 የስራ ቀን ይሰጣቸዋል። ነሐሴ 24 ቅዳሜ ነው። ከሰኞ ቁጠሪው፣ ቅዳሜን ጨምረሽ መውሊድን ስታወጪ ሰባተኛው ቀን ጳጉሜ 4 ላይ ይውላል። አንቺ ያኔ ሀንጋሪ ነሽ። ስለዚህ «ከጉዞዬ በፊት» ያልሽው ልመና ነው፣ መብት አይደለም። በትህትና ማለትሽ ጥሩ ነው። ክሊራንሱን ከሳምንት በፊት ጀምሪ፣ ስቶር፣ ካሸር፣ መታወቂያ። አንዱ ፈራሚ ከጠፋ ሁሉም ይቆማል። ያልወሰድሽው የዓመት እረፍትም ተሰልቶ ይከፈልሻል። ለመጀመሪያ ዓመት 16 የስራ ቀን ነው፣ ላንቺ አራት ወር ገደማ ስለሆነ አምስት ቀን አካባቢ ይመጣል።

---

ሶሊ ደብረሰን | ሐምሌ 24፣ ከሰዓት

የስራ ልምዱን በእንግሊዝኛም እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፣ ከመሄድሽ በፊት። ከዚህ ሆነሽ ማስጻፍ እንዴት እንደሚያታክት ከኔ ተማሪ።

---

ጋሽ ታቦር | ሐምሌ 24፣ ከሰዓት

ሶሊ፣ አንቺም ጠይቂ እንጂ። ተቀይመው መከልከል አይችሉም። የስራውን አይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሰሪው ግዴታ ነው። በጽሁፍ አመልክቺ፣ ወኪል ካለሽ በወኪል።

---

የናዝሬት ልጅ | ሐምሌ 24፣ ማታ

ይሄን ሁሉ ሳነብ እኔ ያኔ ደብዳቤ የሚባል ነገር እንዳልጻፍኩ ትዝ አለኝ። በስልክ ነበር የነገርኳቸው። ቅጹን ያልሞሉት ለዛ ይሆን?

---

የአቶቴ ልጅ | ሐምሌ 26፣ ማታ

የሆነውን ልንገራችሁ። ሐሙስ ከሰዓት መጀመሪያ ለኃላፊዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ጥር ላይ ያመለከትሽ ልጅ ለምን ሰኔ ላይ አልነገርሽኝም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አላገኘውም ብዬ ነው አልኳቸው። «ቢሆንም» አሉ። ከዛ ደብዳቤውን አንብበው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሌላ ቅጂ ማተም ነበረብኝ።

መዝገብ ቤት በዛኑ ቀን አስገባሁ፣ ማህተም ያለበት ቅጂ እጄ ላይ ነው። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞቹን ትናንት ከመሳቢያዬ አውጥቼ ኃላፊዬ ካዝና አጠገብ ያለው ሼልፍ ላይ አደረግኋቸው፣ ላዩ ላይ ወር ጽፌበታለሁ። ሦስተኛው ባንክ ላይ ካልገጠሙት ቼኮች አንዱ ተገኘ። አቅራቢው ገና አልመነዘረውም ነበር። ሁለተኛውን እየፈለግኩ ነው።

ስራ አስኪያጁ ዛሬ ጠርተውኝ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ቀጥለው «እስከ ነሐሴ 29 ልትቆዪልን ትችያለሽ? ክፍያሽን በዛው ቀን እጨርስልሻለሁ» አሉ። በረራዬን ነሐሴ 30 ነው ያሰብኩት። አምስቱን ቀን ይርጋለም ከእናቴ ጋር ላሳልፍ ነበር። ሰኞ እመልሳለሁ ብያቸዋለሁ።

---

ቆርቆሮ ተራ | ሐምሌ 26፣ ማታ

እስከ ነሐሴ 26 በያቸውና ክፍያውን ያንኑ ቀን ጠይቂያቸው። ሦስቱን ቀን ለእናትሽ።

---

ሜሪ ከፒያሳ | ሐምሌ 26፣ ማታ

እኔ ደግሞ ነሐሴ 24 ያልሽው 24 ይሁን እላለሁ። አምስቱን ቀን ከእናትሽ ጋር ሁኚ። ቀኑን ካራዘምሽ ግን በጽሁፍ ይሁን።